ፎቶው ላይ ያየሁት ይህ አይደለም፦ ለኦንላይን ሻጭ የቅሬታ መልእክት እንዴት ይጻፋል?

ባለፈው ጥቅምት እህቴ ከአንድ የቴሌግራም ቻናል ረከቦት አዘዘች። ፎቶው ላይ ጠቆር ያለ የዋንዛ እንጨት ነው። ከፊቱ መሳቢያ አለው። ላዩ ላይ 12 ሲኒ በሁለት ረድፍ ተደርድሯል። ዋጋው 8,500 ብር።

በማግስቱ ሞተረኛው አራት ኪሎ ቤቷ ድረስ አመጣላት። በካርቶንና በፕላስቲክ ተጠቅልሏል። «ፒያሳ ሌላ ሰው እየጠበቀኝ ነው» ብሎ አጣደፋት። እቃውን በቴሌብር ከፈለች፣ የማድረሻውን 350 ብር በእጁ ሰጠችው፣ ሄደ። ስትፈታው መሳቢያ የለውም። ሲኒዎቿን ስትደረድር ስምንቱ ብቻ ቆሙ።

እኔ ስደርስ ስልኳ ላይ ጽፋ ጨርሳለች፦ «ይሄ ምንድን ነው?? ሌቦች! አሁኑኑ ብሬን መልሱ!!!» ሊላክ አንድ ጣት ቀርቶት ነበር። አስቆምኳት።

ያስቆምኳት ተናዳ ስለጻፈች አይደለም፣ ንዴቷ ትክክል ነው። እኔ ግን ለሁለት ዓመት ያህል የአንድ ኦንላይን ሱቅ መልእክት መላሽ ነበርኩ። እንዲህ ዓይነት መልእክት ሲመጣ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። መልእክቱን መጀመሪያ የሚያነበው ባለቤቱ አይደለም። ደሞዝተኛ ነው፣ ብር የመመለስ ሥልጣን የለውም። ማድረግ የሚችለው አንድ ነገር ነው፦ መልእክቱን ለባለቤቱ ፎርዋርድ ማድረግ። ባለቤቱ ደግሞ መርካቶ እቃ እያራገፈ ወይም መንገድ ላይ ሆኖ ስልኩን ይከፍታል። «ሌቦች» የሚል ቃል ብቻ ካየ የትኛው እቃ እንደሆነ፣ ምኑ እንደጎደለ፣ ምን እንደተፈለገ አያውቅም። ይዘጋዋል።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አንድ ነገር ለማሳካት ነው። መልእክታችሁ ከቻቱ ተነጥሎ ነገሩን ጨርሶ ለማያውቅ ሰው ቢደርስ፣ ያ ሰው አንድ ጊዜ አንብቦ መወሰን መቻል አለበት።

ከመጻፋችሁ በፊት ማስረጃውን አስቀምጡ

ቅደም ተከተሉ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። ሻጩ ቅሬታ እንዳላችሁ ከማወቁ በፊት ማስረጃው እጃችሁ መግባት አለበት። ምክንያቱ ቴሌግራም ራሱ ነው። በሁለት ሰዎች ቻት ውስጥ አንደኛው ወገን የፈለገውን መልእክት፣ ሲያሻው ሙሉ ቻቱን፣ ከሁለቱም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። የራሱን ብቻ ሳይሆን እናንተ የጻፋችሁትንም ጭምር። የቻናል ፖስት ደግሞ ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ጽሑፉንም ፎቶውንም ይቀይረዋል። ዛሬ «ዋንዛ» ያለው ነገ «የዋንዛ መልክ ያለው» ሊሆን ይችላል።

ፖስቱን Saved Messages ወደሚለው የራሳችሁ ቻት ፎርዋርድ አድርጉት። ዋናው ቢጠፋ እንኳ ቅጂው እናንተ ጋ ይቀራል። ከዚያ ስክሪንሾት አንሱ፣ የቻናሉ ስም፣ ዋጋውና ቀኑ አብረው እንዲታዩ። የፖስቱን ሊንክም ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ። ዋጋ የተነጋገራችሁበትን ቻት ከላይ እስከ ታች በስክሪንሾት አንሱ። ቻናሉ ፎርዋርድና ስክሪንሾት ከከለከለ የሌላ ሰው ስልክ ተውሳችሁ የስክሪኑን ፎቶ አንሱ። ውበት የለውም፣ ግን ይሠራል።

የክፍያውን ማስረጃ አትርሱ። በቴሌብር ከሆነ ከ127 የመጣውን መልእክት ከነግብይት ቁጥሩ፣ በንግድ ባንክ ከሆነ በFT የሚጀምረውን ቁጥር ያዙ። የተቀባዩንም ስም ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ከሱቁ ስም ጋር አንድ አይደለም፣ የግለሰብ ስም ነው። በኋላ ሻጩ ማን እንደሆነ ለማሳየት ከሁሉ የሚጠቅማችሁ ያ ስም ሊሆን ይችላል።

እቃውን አትጠቀሙበት። እህቴ «እስከዚያ እንግዳ ላስተናግድበት» ብላ ነበር። አንድ የቡና ጠብታ ቢያርፍበት የሻጩ መልስ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል፦ «ተጠቅመሽበት ነው»። ካርቶኑንም ፕላስቲኩንም አትጣሉ።

ልዩነቱን በሚለካ ነገር አሳዩ

«ጥራት የለውም»፣ «እንዳሰብኩት አይደለም»፣ «ቀሽም ነው»። እነዚህን ቃላት በሥራዬ በየቀኑ አይቻቸዋለሁ። ሦስቱም ለሻጩ መውጫ ይሰጡታል፣ ምክንያቱም «ለእኛ ጥሩ ነው» ሲላችሁ ክርክሩ ያልቃል። የሚቆጠርና የሚለካ ነገር ግን ክርክር አይቀበልም። መሳቢያ ወይ አለ ወይ የለም።

እህቴ ቤት ሜትር አወጣንና ለካን። ፖስቱ ወርዱን 80 ሳንቲሜትር ይላል፣ የመጣው 62 ነው። ፖስቱ ላይ ልኩ ባይጻፍ ኖሮም መንገድ ነበረን፦ ሲኒዎቹ። ሲኒ መጠኑ ብዙም አይለያይም። ፎቶው ላይ 12 ቆመው ይታያሉ፣ እቤት ባለው ላይ 12ቱን ለመደርደር ብትሞክሩ አራቱ ቦታ ያጣሉ። ፎቶ ውስጥ መጠኑ የሚታወቅ ነገር ፈልጉ። ሲኒ፣ የሰው እጅ፣ ሶኬት፣ የወለል ሴራሚክ ሁሉ ሜትር ይሆናል።

እንጨቱ ትንሽ ጊዜ ወሰደብን። ከላይ ሲያዩት ዋንዛ ይመስላል። ረከቦቱን ገልብጠን ከእግሩ አጠገብ ብሎን የገባበትን ቀዳዳ በስልክ መብራት አየነው። ውስጡ ሥር የለውም፣ ቃጫ የለውም። እንደ ቡላ የደቀቀ ቡናማ ዱቄት ነው፣ በጥፍር ሲነካ ይራገፋል። ይህ ኤምዲኤፍ ነው፣ እንጨት ደቅቆ በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ። ጠርዙ ላይ ደግሞ የእንጨት መልክ የታተመበት ስስ ሽፋን በአንድ ማዕዘን ተላቆ ነበር። ከዚያ ከላይ እንደገና ስናየው አንድ ዓይነት የእንጨት ዓይን፣ ያው ቅርጽ፣ ያው ጭረት፣ ሁለት ቦታ ላይ አለ። ዛፍ አንድን ዓይን ሁለት ጊዜ አይሠራም። ማተሚያ ነው የሚሠራው።

ይህን ሁሉ ፎቶ አነሳን። ፎቶ ስታነሱ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሻጩ ባነሳበት አቅጣጫ አንሱ፣ ፊት ለፊት ከሆነ ፊት ለፊት፣ ሁለቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነቱ እንዲጮህ። ሁለተኛ፣ በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ አንሱ። ማታ በአምፖል ያነሳችሁት ፎቶ «ብርሃኑ ነው» ለሚል ሻጭ በር ይከፍታል። ሜትሩ ያለበት ፎቶ ላይ ቁጥሩ መነበብ አለበት። ቴሌግራም ፎቶ ሲልክ ጥራቱን ስለሚቀንስ ያንኑ ፎቶ በFile መልክ ላኩት፣ ዋናው እንዳለ ይደርሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ልዩነቱ የቀለም ብቻ ከሆነ ቆም በሉ። የስልክ ስክሪን ቀለም ይለውጣል። ቡናማው ትንሽ ደመቅ ወይም ጠቆር ቢል በዚህ ላይ ጠንካራ ቅሬታ ማቅረብ ይከብዳል። ጥቁር አዛችሁ ቀይ ከመጣ ሌላ ነገር ነው። ከሁለት ሦስት በላይ ልዩነትም አትዘርዝሩ። ሰባት ብትጽፉ ሻጩ ደካማውን መርጦ በእሱ ይከራከራችኋል፣ ጠንካራው ተረስቶ ይቀራል። እኛ የተላቀቀውን ሽፋን በመልእክቱ አልጻፍነውም። «በመንገድ ላይ የተላቀቀ ነው» ሊባል ይችላል።

የምትፈልጉትን አንድ ነገር ወስኑ

ወይ ብሩ ሙሉ በሙሉ ይመለስ፣ ወይ እቃው በትክክለኛው ይቀየር፣ ወይ እቃው ይቅርና የተወሰነ ብር ይመለስ። አንዱን ብቻ ምረጡ። «ወይ ቀይሩልኝ፣ ወይ ቀንሱልኝ፣ ካልሆነ…» ብላችሁ ስትጽፉ ሻጩ ከሁሉ የሚቀለውን 300 ብር ቅናሽ ይመርጥላችኋል። ለውጥ ከጠየቃችሁ ደግሞ መጀመሪያ የፎቶው እቃ በእርግጥ መኖሩን ጠይቁ። እኔ በሠራሁበት ጊዜ እንዳየሁት፣ አንዳንድ ፎቶ ከሌላ ቻናል የተወሰደ ነው፣ የሚቀየር ነገር የለም። እህቴ ብሩ እንዲመለስ ወሰነች።

መልእክቱ

እንግዲህ የላክነው ይኸው። በአንድ መልእክት ነው፣ ስድስት ቦታ አልተቆራረጠም፣ ድምፅም አይደለም። የድምፅ መልእክት ሥራ ላይ ያለ ሰው አይሰማውም፣ ተሰምቶም ቁጥር ተፈልጎ አይገኝበትም።

> ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። ረቡዕ ጥቅምት 12 ከቻናላችሁ ረከቦት አዝዤ ሐሙስ ጥቅምት 13 ከሰዓት በኋላ አራት ኪሎ ተቀብያለሁ። 8,500 ብር በቴሌብር ከፍያለሁ፣ 350 ብር ለሞተረኛው ሰጥቻለሁ። የፖስቱ ሊንክና የክፍያው ደረሰኝ ከታች አለ።
>
> የደረሰኝ እቃ ፖስት ካደረጋችሁት ጋር በሦስት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ፎቶው ላይ መሳቢያ አለ፣ የደረሰኝ መሳቢያ የለውም። ሁለተኛ፣ ወርዱ 80 ሳንቲሜትር ተብሏል፣ የደረሰኝ 62 ነው። ሦስተኛ፣ የዋንዛ እንጨት ተብሏል፣ የደረሰኝ ኤምዲኤፍ ነው። ሦስቱንም የሚያሳዩ ፎቶዎች አያይዣለሁ።
>
> እቃውን አልተጠቀምኩበትም፣ ከነካርቶኑ አለ። 8,850 ብር እንዲመለስልኝና እቃውን እንድትወስዱ እጠይቃለሁ። እስከ ቅዳሜ ጥቅምት 15 ከቀኑ 10 ሰዓት ድረስ መልሳችሁን እጠብቃለሁ። አመሰግናለሁ።

ከሥሩ ሊንኩና ደረሰኙ፣ ከዚያ አራት ፎቶ፦ የፖስቱ ስክሪንሾት፣ እቃው ከፊት ለፊት፣ ሜትሩ የተዘረጋበት፣ የብሎኑ ቀዳዳ።

ሦስት ነገር ላስረዳ። «አታላችሁኛል» የሚል ቃል የለበትም። ሻጩ ሆን ብሎ ይሁን ከመጋዘን ተሳስቶ ይሁን እኛ አናውቅም፣ ማወቅም አያስፈልገንም። እቃው መለየቱ ብቻውን ይበቃል። ማታለሉን ከጻፋችሁ ግን ውይይቱ ስለ እቃው መሆኑ ቀርቶ ስለ ክብር ይሆናል። «በቲክቶክ አወጣችኋለሁ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ዛቻው ተቀርጾ ይቀመጥና በኋላ እናንተው ላይ ይነሳል።

የጊዜ ገደቡ ቀንና ሰዓት አለው። «በአስቸኳይ» የሚል ቃል ለማንም ሰው ምንም ቀን አይደለም። ሁለት ቀን በቂ ነው። መላሹ ለባለቤቱ እንዲያደርስ፣ ባለቤቱ እንዲወስን ጊዜ ይሰጣል።

«እቃውን አልተጠቀምኩበትም» የምትለዋ አጭር ዓረፍተ ነገር ብዙ ትሠራለች። ባለቤቱ መልሶ መሸጥ እንደሚችል የሚያየው በእሷ ነው። እውነት ከሆነች ብቻ ግን ጻፏት።

የሚመጣው መልስ

የመጀመሪያው መልስ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጣ፦ «እህቴ፣ ፎቶው ለማሳያ ነው 🙏»። ይህን ጠብቁ። ትክክለኛው መልስ አጭር ነው፦ «ፖስቱ ላይ ‹80 ሳንቲሜትር› እና ‹ዋንዛ› ተብሎ በጽሑፍ ተቀምጧል፣ ጥያቄዬ በዚያ ላይ ነው።» ፎቶውን ትታችሁ ወደ ጽሑፉ ሂዱ። ጽሑፍ ከሌለ ደግሞ «ከመክፈሌ በፊት ፎቶው የሌላ እቃ መሆኑ አልተነገረኝም» በሉ። ፖስቱ ላይ በግልጽ «ፎቶው ለማሳያ ብቻ» ተብሎ ተጽፎ ከነበረ ቦታችሁ ይዳከማል፣ ይህን አልደብቃችሁም። ቢሆንም ማሳያ ማለት የመሳቢያ ቁጥር ይለያያል ማለት አይደለም።

ቀጥሎ ስልክ ተደወለ። ባለቤቱ ነው። ትሑት ሰው ነበር፣ 1,500 ብር ልቀንስልሽና እቃውን ያዢው አላት። እህቴ ይሉኝታ ይዟት «እሺ» ልትል ነበር። ስልክ የሚመረጠው ለዚህ ነው፣ የሰው ድምፅ እየሰሙ እምቢ ማለት ከባድ ነው። «አስቤበት በጽሑፍ እመልሳለሁ» ብላችሁ ዝጉ። እንደዘጋችሁ ወዲያው ጻፉ፦ «አሁን በስልክ 1,500 ብር ቅናሽ አቅርበውልኛል፣ አመሰግናለሁ። ጥያቄዬ ግን 8,850 ብር እንዲመለስ ነው።» በስልክ የተባለ ነገር ሁሉ በዚህ መንገድ ቻቱ ላይ ይገባል።

«የተሸጠ እቃ አይመለስም» የሚል ሱቅም አለ። እንደዚህ ያለው ማስታወቂያ ሐሳቧን ለቀየረች ደንበኛ ሊሠራ ይችላል። የታዘዘው እቃ ሳይሆን ሌላ ለደረሳት ግን መልስ አይሆንም። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉለት።

ዝም ካሉ

ቀኑ ካለፈ ሁለተኛና የመጨረሻ መልእክት ይላካል። አዲስ ክርክር አይገባበትም፣ የመጀመሪያውን ሪፕላይ አድርጋችሁ ሕጉን ብቻ ጨምሩ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት እቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ቀኑ አጭር ስለሆነ በየሳምንቱ «እሺ፣ ነገ» የሚሏችሁን አትጠብቁ። የመጀመሪያው መልእክታችሁ ቀን ያለበት መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል፣ በጊዜው እንደጠየቃችሁ ያሳያል። የቴሌግራም ጽሑፍ ነው ተብሎም ብቻውን አይጣልም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ እውቅና ይሰጣል።

የሸማቾች ጥበቃው አዋጅ የሚመለከተው ነጋዴን ነው። የራሱን አሮጌ እቃ የሸጠላችሁ ግለሰብ ከሆነ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አለ። እሱም ገዢ እቃውን እንደተመቸው ወዲያው እንዲመረምር፣ ጉድለት ካገኘም ሳይዘገይ ጉድለቱ ምን እንደሆነ ጠቅሶ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ከላይ ያለው መልእክት የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ሻጩ ሱቅና ንግድ ፈቃድ ካለው የተቀመጠበት ክፍለ ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ይዛችሁ ሂዱ፣ ስክሪንሾቶቹን አትማችሁ። አድራሻውም ስሙም የማይታወቅ፣ ስልኩን የዘጋ ሰው ከሆነ ግን ጉዳዩ የቅሬታ መልእክት ጉዳይ አይደለም፣ የፖሊስ ነው። ባንኩ ወይም ቴሌብር ደግሞ ወድዳችሁ የላካችሁትን ብር ከተቀባዩ ሂሳብ ዝም ብሎ አያነሳላችሁም። በዚህ ላይ ተስፋ ጥላችሁ 15ቱን ቀን አታቃጥሉ።

ብሩ ሲመለስ

የእህቴ ጉዳይ እዚያ አልደረሰም። ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቱ «8,500 እመልሳለሁ፣ የሞተሩን ግን አልችልም» ብሎ ጻፈ። 350 ብሩ በእጅ ስለተሰጠ ማስረጃ አልነበረንም፣ ተወችው። ከዚያ ወዲህ ሞተረኛንም በቴሌብር ነው የምትከፍለው።

እቃው ሊወሰድ ሌላ ሞተረኛ መጣ። ስልኩን አውጥቶ የክፍያ ስክሪንሾት አሳያት፦ «ተልኳል»። ስክሪንሾት ብር አይደለም፣ በቀላሉ ይቀናበራል። እህቴ የራሷን ሂሳብ ከፈተች፣ ምንም አልገባም። «እባክህ ትንሽ ጠብቅ ወንድሜ» አለችውና ሻይ ሰጠችው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ከ127 መልእክት ገባ፣ ቀሪ ሂሳቧን አየች፣ 8,500 ጨምሯል። ረከቦቱን ሲረከብ ሞተር ላይ ሲያስረው ፎቶ አነሳችና ቻቱ ላይ ለጠፈችው፦ «ገንዘቡ ደርሶኛል፣ እቃውን እርስዎ ለላኩት ሰው አስረክቤያለሁ። አመሰግናለሁ።»